ባለ 40 ወይስ ባለ 50 ኪሎ ቮልት? ለወርቅ ቤት የኤክስሬይ መመርመሪያ ሲመረጥ

ፒያሳ አካባቢ ወርቅ ቤት ያለው ሰው የካራት መመርመሪያ ኤክስሬይ ሊገዛ ሲጠይቅ ቶሎ የሚጠራለት ቁጥር ኪሎ ቮልት ነው። «ያኛው 40 ነው፣ የኛ 50 ነው፤ ጠልቆ ያያል» ይባላል። የ40ና የ50 ልዩነት እውነተኛ ነው። «ጠልቆ ያያል» የሚለው ግን ብዙም አያስኬድም። ከቮልቱ እኩል መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገርም አለ፤ ጨረሩ የሚወጣው ከየትኛው ብረት ነው?

እዚህ ሦስት ዓይነት ቱቦ ላወዳድር። ባለ 40 ኪሎ ቮልት የብር ቱቦ፣ ባለ 50 የሮዲየም ቱቦ፣ ባለ 50 የተንግስተን ቱቦ። የማሽን ስም አልጠራም፤ ወረቀቱ ላይ የቱቦውን ብረት ካገኛችሁ ይበቃል።

ከአንድ ቱቦ ሁለት ዓይነት ጨረር

ቱቦው ውስጥ የጋለ ሽቦ ኤሌክትሮን ይለቃል። ከፍተኛው ቮልት ኤሌክትሮኑን አስፈንጥሮ ከብረት ዒላማ ጋር ያላትመዋል። ዒላማው አኖድ ይባላል። ከጉልበቱ ወደ ኤክስሬይ የሚቀየረው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ያቺ ትንሽ ድርሻ በሁለት መንገድ ትወለዳለች። አንደኛው፣ ኤሌክትሮኑ በአኖዱ አቶሞች አስኳል አጠገብ ሲያልፍ መንገዱን ይስታል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ያጣውን ጉልበት በኤክስሬይ መልክ ይጥለዋል። በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የሚወርድን ታክሲ አስቡ። አንዴ ፍሬኑን ነካ ያደርጋል፣ አንዴ ጠበቅ ያደርጋል፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ኤሌክትሮኑም እንዲሁ ስለሆነ የሚወጣው ጨረር ከትንሹ እስከ ትልቁ ያለማቋረጥ የተዘረጋ ነው። ብሬምስትራሉንግ የሚባለው ይህ ነው። ጣሪያው ግን ቁርጥ ነው። በ50 ኪሎ ቮልት የተፈናጠረ ኤሌክትሮን ከ50 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ሊሰጥ አይችልም። ይህንን መለኪያ ከዚህ በኋላ በአጭሩ ኬቭ እለዋለሁ።

ሁለተኛው መንገድ እንዲህ ነው። ኤሌክትሮኑ የአኖዱን አቶም ውስጠኛ ኤሌክትሮን መንጭቆ ያወጣል። ባዶውን ቦታ ከላይ ያለ ኤሌክትሮን ወርዶ ይሞላዋል፣ የጉልበቱም ልዩነት በኤክስሬይ ይወጣል። ይህ ልዩነት ለእያንዳንዱ ብረት የተወሰነ ስለሆነ ግራፉ ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል። ሮዲየም 20.2 እና 22.7 ኬቭ ላይ፣ ብር 22.2 እና 24.9 ላይ ይሰጣሉ። ማሽኑ ቀለበታችሁን የሚያውቀውም በዚሁ ነው። ከቱቦው የመጣው ጨረር ቀለበቱ ውስጥ ያሉትን አቶሞች ይመታል፣ እነሱም የየራሳቸውን መስመር ይመልሳሉ። ወርቅ 9.7 እና 11.4፣ መዳብ 8.0፣ ብር 22.2።

ቮልቱ ሲጨምር ምን ይለወጣል?

መስመሮቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። የሮዲየም 20.2 በ30ም በ50ም ኪሎ ቮልት 20.2 ነው። ቮልቱ የሚለውጠው ሁለት ነገር ነው። የተከታታዩ ጨረር ጣሪያ ወደ ላይ ይሄዳል፣ መጠኑም ይጨምራል። መስመሮቹ ደግሞ ይደምቃሉ፤ ግን ቮልቱ የብረቱን ደፍ ካለፈ ብቻ ነው።

ደፍ ማለት ውስጠኛውን ኤሌክትሮን ለማውጣት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ጉልበት ነው። የሮዲየም 23.2 ኬቭ ነው። ስለዚህ የሮዲየም ቱቦን በ20 ኪሎ ቮልት ብታስነሱት 20.2 ላይ ያለው መስመር ጨርሶ አይወጣም። የተንግስተን ደፍ 69.5 ነው። ባለ 50 የተንግስተን ቱቦ ኃይለኛ መስመሮቹን መቼም አያሳይም። ከእሱ የሚወጡት ከላይኛው ምሕዋር የሚመጡ ደካማ ጉልበት ያላቸው መስመሮች ናቸው፤ በተለይ 8.4 እና 9.7 ኬቭ። ይህቺን 9.7 አስታውሱልኝ፤ ኋላ ጣጣ ታመጣለች።

አንድ ባለ 18 ካራት ቀለበት በሁለቱ ቮልት

ቀለበቱ 75 በመቶ ወርቅ፣ የቀረው ብርና መዳብ ነው እንበል። የወርቁን መስመር ለማስነሳት ከ11.9 ኬቭ በላይ ጨረር ያስፈልጋል። እሱ ከየትኛውም ቱቦ በገፍ አለ። ብሩ ግን ከ25.5 በላይ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ነገሩ ይጠብባል። የሮዲየም ቱቦ መስመሮች 20.2 እና 22.7 ስለሆኑ ብርን አያስነሱም። የብር ቱቦ ራሱ 22.2 እና 24.9 ስለሚሰጥ እሱም አያስነሳም። የቀለበቱን ብር የሚያስነሳው ከ25.5 በላይ ያለው የተከታታዩ ጨረር ጫፍ ብቻ ነው። እዚያ ምን ያህል ጨረር እንዳለ የሚወስነው ደግሞ ቮልቱ ነው።

የተከታታዩን ጨረር መጠን በሚገምተው በቀላሉ የክራመርስ ቀመር እናስላው። በአንድ ዓይነት ከረንት ከ25.5 ኬቭ በላይ ያሉት ፎቶኖች ከ30 ወደ 40 ኪሎ ቮልት ሲኬድ 9 እጥፍ ገደማ ይሆናሉ። ከ40 ወደ 50 ደግሞ 2.6 እጥፍ። ነገር ግን ትንንሽ ማሽኖች በኃይል የተገደቡ ናቸው። ቱቦው 4 ዋት ከሆነ በ40 ኪሎ ቮልት 100 ማይክሮ አምፔር፣ በ50 ደግሞ 80 ማይክሮ አምፔር ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ እውነተኛው ትርፍ ወደ 2.1 እጥፍ ይወርዳል። ለወርቁ መስመር ሲሰላ 1.3 እጥፍ ብቻ ነው።

ይህ በገዢ ቋንቋ ምን ማለት ነው? ብሩን በእኩል ትክክለኛነት ለመለካት ባለ 40 ማሽን አንድ ደቂቃ ከፈለገ፣ ባለ 50ው ግማሽ ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል። ስሌቱ ሻካራ ነው፤ ከደፉ እጅግ የራቁ ፎቶኖች ብርን በማስነሳት ደካማ ስለሆኑ ትርፉ ከዚህም ያነሰ ይሆናል። በአንድ ነገር ግን እርግጠኛ ነኝ። 40ው ያላየውን ብር 50ው «ያገኛል» የሚል ሻጭ እያጋነነ ነው። ሁለቱም ያያሉ፤ አንዱ ይፈጥናል። ባለ 30 ከቀረበላችሁ ግን ተዉት። በብየዳ ሊገባ የሚችለውን ካድሚየም (ደፉ 26.7) ወይም ቆርቆሮ (29.2) በ30 መፈለግ ልፋት ብቻ ነው።

የአኖዱ ብረት

እኔ ብሆን ከቮልቱ በፊት የምጠይቀው ይህንን ነው። የቱቦው መስመሮች ከቀለበቱ ላይ ተንጸባርቀው ወደ መለኪያው ይመለሳሉ። መለኪያው ደግሞ ከቀለበቱ የመጣውንና ከቱቦው የመጣውን በምን ይለያል?

የብር ቱቦ 22.2 ላይ የራሱን ብር ያስገባል። ሶፍትዌሩ ያንን ይቀንሳል፤ ግን ጥቂት ብር ባለው ዕቃ ላይ የመቀነሱ ስሕተት ከራሱ ከብሩ ሊበልጥ ይችላል። ወርቅ ውስጥ ብርን መለካት ዋና ሥራችሁ ከሆነ የብር ቱቦ ቢረክስም አይመቸኝም።

ተንግስተን ብርን አይነካም። ችግሩ ያቺ 9.7 ናት። የተንግስተን መስመር በትክክል 9.67፣ የወርቁ 9.71 ነው። ልዩነቱ 40 ኤሌክትሮን ቮልት ሲሆን፣ የዚህ ዓይነት ማሽን መለኪያ ከ100 ኤሌክትሮን ቮልት በታች ያለውን ልዩነት አይለይም። በ18 ካራት ላይ የወርቁ ምልክት ስለሚያጥለቀልቀው ብዙም አያሳስብም። በስስ ቅብና በዝቅተኛ ካራት ላይ ግን ያሳስታል። መፍትሔው ማጣሪያ ነው። 1 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ከቱቦው ፊት ሲገባ 9.67ን ከሺህ አንድ እንኳ አያሳልፍም፤ ከ25.5 በላይ ካለው ግን ግማሽ በላይ ያሳልፋል። ስለዚህ ባለ 50 የተንግስተን ቱቦ ከማጣሪያ ጋር ጥሩ ማሽን ነው። ያለ ማጣሪያ ከሆነ ግን ልቤ አይቀበለውም።

ሮዲየም መካከለኛ ነው። 22.7ው ከብር 22.2 ጎን ይቀመጣል፤ ቢጠጋም ጥሩ መለኪያ ይለየዋል። የራሱ ጉድለት ነጭ ወርቅ ላይ ነው። ነጭ ወርቅ ብዙ ጊዜ በሮዲየም ይቀባል። የሮዲየም ቱቦ ደግሞ ቅቡን ከራሱ ጨረር መለየት ይቸግረዋል።

ገንዘብ ሳትከፍሉ የምትሞክሩት

ወፍራም ነጭ የፕላስቲክ መክተፊያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ ቢስቅባችሁም ግድ የለም። ፕላስቲክ የራሱ ጠንካራ መስመር ስለሌለው የቱቦውን ጨረር ወደ መለኪያው ይመልሳል። ግራፉን በሎግ መጠን አሳዩኝ በሉ። ቮልቱን አንዴ 40፣ አንዴ 50 አድርጉት። መስመሮቹ ከቦታቸው ካልተነሱና የግራፉ ጭራ ከ40 አካባቢ ወደ 50 ከተራዘመ ቱቦው የተባለውን ይሰጣል። ጭራው በሁለቱም 40 አካባቢ ካለቀ ስክሪኑ ላይ የተጻፈው 50 kV ጽሑፍ ብቻ ነው። ትዕግሥት ግን ያስፈልጋል። ስስ የሲሊኮን መለኪያ ከፍተኛውን ጉልበት አብዛኛውን ስለሚያሳልፍ ጭራው ደብዛዛ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ንጽሕናው የታወቀ የ24 ካራት ቁራጭ አስገቡ። የብር ቱቦ ያለው ማሽን እዚያ ላይ ብር ካነበበ ማረሚያው ልክ አይደለም።

ወደ «ጠልቆ ያያል» ልመለስ። ጨረሩ በ50 ትንሽ ይበልጥ ጠልቆ ሊገባ ይችላል። ነገር ግን የወርቁ መስመር ተመልሶ መውጣት አለበት፣ ጉልበቱም ምንጊዜም 9.7 ነው። ወርቅ ራሱ ይውጠዋል። ከ12 ማይክሮ ሜትር ገደማ ጥልቀት በታች ካለው ወርቅ የሚደርሳችሁ ምልክት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ተንግስተን ሆዱ ውስጥ የተደበቀበትን ወፍራም የወርቅ ጡብ ማሽኑ በ40ም በ50ም ንጹሕ ወርቅ ነው የሚለው። እንዲህ ያለውን ለመያዝ አልትራሳውንድ ወይም መሰርሰር ያስፈልጋል፤ ተንግስተንና ወርቅ ክብደታቸው ስለሚቀራረብ ሚዛን ብቻውንም አይበቃም።

ምርጫዬን ለጠየቀኝ፣ ቢጫ ወርቅ በብዛት ለሚገዛ ሱቅ ባለ 50 የተንግስተን ቱቦ ከሚቀያየር ማጣሪያ ጋር እመርጣለሁ። የተደባለቀ ዕቃ ለሚሠራ አንጥረኛ ባለ 50 ሮዲየም። ባለ 40 የብር ቱቦውን የምገዛው ዋጋው በጣም ከቀነሰና ደንበኛ ወረፋ የማይዝበት ሱቅ ከሆነ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ማጣሪያውን በምናሌው ላይ ራሳችሁ መቀየር እንደምትችሉ አረጋግጡ። በአንዳንዱ ማሽን ማጣሪያው አለ፣ ግን ሶፍትዌሩ ቆልፎታል።