«ስፓም የማይገባበት ኢሜይል» የሚሏችሁን ሻጮች ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ከደሴ ተመልሼ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። ነገ ከነገ ወዲያ ሲበርድልኝ አለሳልሼ እንዳላወራው ፈርቼ ዛሬውኑ ልጻፈው አልኩ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ለፋብሪካዎች የሥራ ቱታ፣ ጓንትና የደህንነት ጫማ አቀርባለሁ። ከሦስት ወር በፊት ደሴ ፒያሳ ካለ አንድ ቢሮ በድርጅቴ ስም ኢሜይል ገዛሁ። እንዲህ ዓይነቶቹን ሻጮች ታውቋቸዋላችሁ። ዌብሳይት፣ ዶሜይንና ኢሜይል በአንድ ጥቅል፣ የዓመቱ ክፍያ በቅድሚያ። 9,500 ብር ከፈልኩ። «ስፓም የሚባል ነገር አይገባብሽም፣ መልእክት ደግሞ በሴኮንድ ነው የሚደርሰው» አለኝ ልጁ። ስፓሙን በተመለከተ ዋሽቷል ማለት አልችልም። በፊት በነበረኝ አድራሻ በየቀኑ ሃያ ሠላሳ ቆሻሻ መልእክት ስሰርዝ ነበር የምውለው። እዚህ ግን በሳምንት አንድ ቢገባ ነው።

ትናንት ሁለት ሳምንት ሙሉ ዋጋ ስሰበስብለት የቆየሁት ጨረታ ቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይዘጋ ነበር። ዋጋ የሚሞላው በኦንላይን ነው። 9:05 ላይ ልገባ ስል የይለፍ ቃሉን አልቀበል አለኝ። «የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚለውን ነካሁ። ማደሻ ሊንክ ወደ ኢሜይልዎ ልከናል፣ የሚያገለግለው ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው አለኝ። ኢሜይሌን ከፈትኩ። ምንም የለም። ጠበቅኩ። ምንም። 9:22 ላይ እንደገና አስላክሁ። 9:40 ላይ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ። ኔትወርኩ ይሆናል ብዬ ከዋይፋይ ወደ ዳታ ቀየርኩ። ስልኬን አጥፍቼ አበራሁ።

9:50 ላይ አንድ መልእክት ገባ። ወላሂ፣ እንባዬ ነው የመጣው። ነካሁት። «ይህ ሊንክ ጊዜው አልፎበታል» አለኝ። ለካ የ9:05ቱ ነው አሁን የደረሰኝ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከ10 ሰዓት በኋላ ገቡ። ጨረታው ተዘግቷል።

ማታ የእህቴ ልጅ መጣ። የኔትወርክ ሥራ ነው የሚሠራው። መልእክቱን ከፍቶ ከላዩ ተደብቆ የሚመጣውን ጽሑፍ አወጣና አንዷን መስመር አሳየኝ።

```
X-Greylist: delayed 2704 seconds by postgrey-1.37
```

2704 ሴኮንድ ማለት 45 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ ነው። መልእክቱ ከላኪው በሰዓቱ ወጥቷል። 45 ደቂቃ ደጅ ያስጠናው እኔ ገንዘብ የከፈልኩበት ሰርቨር ነው።

ነገሩ ግሬይሊስቲንግ ይባላል። ኢቫን ሃሪስ የተባለ ሰው በ2003 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው ዘዴ ነው። ሰርቨሩ ሦስት ነገር ያያል፦ መልእክቱ ከየትኛው ማሽን መጣ፣ ላኪው ማነው፣ ተቀባዩ ማነው። እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ አይቷቸው የማያውቅ ከሆነ 450 የሚል ኮድ ይመልሳል። «አሁን አልቀበልም፣ ቆይተህ ና» ማለት ነው። በቫይረስ ከተያዘ ኮምፒውተር ስፓም የሚረጭ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ አይመጣም፣ ወደሚቀጥለው አድራሻ ያልፋል። ትክክለኛ የኢሜይል ሰርቨር ግን መልእክቱን ይዞ ቆይቶ እንደገና ይሞክራል። ያኔ ይገባል። የእኔ ስፓም የቀነሰው በዚህ ነው። ደግሞ ርካሽ ነው፤ መልእክቱን ሳያነብ፣ ብዙ ሳይለፋ ያጣራል። ለዚህ ነው ሻጮች የሚወዱት።

ችግሩ መቼ እንደሚመለስ የሚወስነው ላኪው መሆኑ ነው። የእኛው ሰርቨር 5 ደቂቃ ቆይተህ ና ይላል እንጂ አንዱ ላኪ በ15 ደቂቃ፣ ሌላው በግማሽ ሰዓት ነው የሚመለሰው። ትልልቅ ላኪዎች ደግሞ ብዙ ማሽን ስላላቸው ሁለተኛውን ሙከራ ከሌላ ማሽን ሊልኩት ይችላሉ። ያኔ ሰርቨሩ «አንተንም አላውቅህም» ይልና ከዜሮ ይጀምራል። የእኔ መልእክት 9:20 ላይ ተመልሶ የተባረረው እንደዚህ ነው። 9:50 ላይ ሲመለስ በመጀመሪያው ማሽን ስለመጣ ገባ።

የእህቴ ልጅ ሲያስረዳኝ ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። አንዴ ያለፈን ላኪ ሰርቨሩ ያስታውሰዋል፣ በየሳምንቱ የምጻጻፋቸው ደንበኞቼ ስለዚህ አይዘገዩም። የሚያስታውሰው ግን ለ35 ቀን ነው። የይለፍ ቃል ማደሻ በዓመት አንዴ ሁለቴ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሁልጊዜ እንደ እንግዳ ነው የሚታየው። የቸኮልኩበት መልእክት፣ ሰርቨሩ የማያውቀው መልእክት ነው።

ምልክቱ ነበረኮ። አዲስ ደንበኛ ስልክ ደውሎ «ኢሜይል ላክሁልሽ» ሲል ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነበር የሚደርሰኝ። ሦስት ወር ሙሉ ኔትወርክ ስረግም ኖርኩ። አንድ ቀን እንኳ ሻጩን አልጠየቅሁም። ይሄ የራሴ ጥፋት ነው፣ ያቃጥለኛል።

ዛሬ ጠዋት በሚኒባስ ሐረጎን ወጥቼ ቢሮው ገባሁ። ልጁ ስክሪኑን እያየ «ችግሩ ከላኪው ነው» አለኝ። የታተመውን መስመር አስቀመጥኩለት። ዝም አለ። ከዚያ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ጥበቃ ነው፣ ስፓም እንዳይመጣ አንቺ ነሽ የፈለግሽው» አለኝ። ለእኔ አድራሻ አጥፋልኝ ስለው «ለአንድ ሰው አይጠፋም፣ ሲስተሙ ለሁሉም አንድ ነው» አለ። የእህቴ ልጅ የነገረኝን ስለያዝኩ `whitelist_recipients` የሚለውን ፋይል ክፈትልኝ አልኩት። እንዲያ ዓይነት ነገር ከእኔ አልጠበቀም መሰለኝ፣ ከፈተው።

የግሬይሊስቲንጉ ማዘግየት የማይነካቸው አድራሻዎች ዝርዝር ነው። አሥር የሚሆኑ መስመሮች አሉት። ከላይ ያለው የመጀመሪያው መስመር የራሳቸው ቢሮ ኢሜይል ነበር። ሁለተኛው የሥራ አስኪያጁ። ሦስተኛው የልጁ የራሱ። በጣቴ እያሳየሁ «ይሄ ምንድነው?» አልኩት። «እኛ አስቸኳይ መልእክት ስለሚመጣልን ነው» አለኝ። ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። አጠገቡ ያለችው ልጅ አንገቷን ደፍታ ሳቀች።

እንደሚያዘገይ ያውቃሉ። ለራሳቸው አንስተውታል። ለእኛ ግን «በሴኮንድ» ብለው ይሸጡልናል። የእኔን አድራሻ ለመጨመር አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፣ አሥር ሴኮንድ አልፈጀበትም። ገንዘቤን መልሱልኝ ስል ሥራ አስኪያጁ ከውስጥ ሳይወጣ «አገልግሎቱን ተጠቅመሻል» ብሎ መለሰልኝ።

እንዲህ ዓይነት ኢሜይል የምትገዙ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ግሬይሊስቲንግ አለው ወይ፣ ለእኔ አድራሻ ይነሳልኝ ወይ ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ለባንክና ለጨረታ አካውንቶች ማደሻ የሚላክበት ሌላ ኢሜይል ያዙ። እንደ እኔ ከተያዛችሁ ደግሞ «እንደገና ላክ» የሚለውን ቶሎ ቶሎ አትንኩ። ብዙ ቦታ አዲስ ሊንክ ሲወጣ አሮጌው ይሰረዛል፣ አዲሱም እንደገና ተራ ሊጠብቅ ይችላል።