ባዶ መልእክት ልኮ «ኮዱን አስረክቤያለሁ» ከሚል ሻጭ ተጠንቀቁ

የሶፍትዌር ቁልፍ፣ የጌም ኮድ ወይም የስጦታ ካርድ ቁጥር ኦንላይን የምትገዙ ሰዎች፣ ይቺን አንብቧት። አሁን የምነግራችሁ ማጭበርበሪያ ምንም የረቀቀ ነገር የለውም፤ ግን ይሠራል።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ። ገንዘቡን ትከፍላላችሁ፣ የመገበያያው ድረ ገጽ ይዞት ይቆያል። ሻጩ ኮዱን በመልእክት ሲልክ ትእዛዙ «ደርሷል» ይባላል፣ ሰዓትም መቁጠር ይጀምራል። ቀነ ገደቡ እስኪያልፍ አቤት ካላላችሁ ገንዘቡ ለሻጩ ይለቀቃል።

እኔ የሶፍትዌር ቁልፍ ገዝቼ የመጣልኝ መልእክት ባዶ ነበር። ጭራሽ ምንም የለበትም። ትእዛዙ ግን «ደርሷል» ይላል። ሻጩን ስጠይቀው «ልኬያለሁ፣ ስልክህ ላይ ፎንት ጎድሎ ይሆናል» አለኝ። ይቺን መልስ ልብ በሏት፣ እመለስባታለሁ።

መልእክቱ ባዶ ይምሰል እንጂ ባዶ አልነበረም። ኮምፒውተሮች ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት የሚጠቀሙበት የጋራ ቁጥር አሰጣጥ ዩኒኮድ ይባላል፤ እሱ ውስጥ ስፋት የሌላቸው ቁምፊዎች አሉ። ከነሱ አንዱ ዜሮ ዊድዝ ስፔስ ይባላል፣ ቁጥሩ U+200B ነው። ስክሪን ላይ ቦታ አይዝም፣ ለኮምፒውተሩ ግን እንደማንኛውም ፊደል ራሱን የቻለ ቁምፊ ነው። የተፈጠረው ለተንኮል አይደለም፤ እንደ ታይኛና ክመርኛ ባሉ፣ በቃላት መካከል ክፍተት በማይተውባቸው ጽሑፎች መስመሩ የት ሊሰበር እንደሚችል ለማመልከት ያገለግላል። ወንድሙ U+200D ደግሞ የቤተሰብ ኢሞጂን ከነጠላ ሰዎች አገጣጥሞ የሚሠራው ነው።

ታዲያ ድረ ገጹ እንዴት ተሸወደ? አብዛኛው ሲስተም ባዶ መልእክት እንዳይላክ ያጣራል። የሚያጣራው ግን ከጽሑፉ ጫፍና ጫፍ ተራ ክፍተቶችን ቆርጦ የቀረ ነገር መኖሩን በማየት ነው። U+200B በዩኒኮድ አመዳደብ ክፍተት ሳይሆን የቅርጽ መቆጣጠሪያ ስለሆነ አይቆረጥም። በጃቫስክሪፕት trim()ም በፓይተን strip()ም ሳይነካ ያልፋል። ሲስተሙ «አንድ ነገር አለ» ብሎ ያሳልፈዋል፣ ርክክቡ ተመዘገበ ማለት ነው። የሚታይ ፊደል መኖሩን ማጣራት ከባድ ሥራ አልነበረም፤ ያልሠሩት ግን ብዙ ናቸው።

እናንተ ጋ ሲደርስ እንዲህ አረጋግጡ። መልእክቱን ኮፒ አድርጉት። በዓይን አይታችሁ የምትደግሙት ነገር አይደለም፣ ራሱን መገልበጥ ያስፈልጋል። ፓይተን ያለበት ኮምፒውተር ላይ ይቺን አስኪዱና የገለበጣችሁትን ለጥፋችሁ ኢንተር ተጫኑ፦

```
print(ascii(input()))
```

የኔው ይህን አወጣ፦

```
'\u200b\u200b\u200b\u200b'
```

በቃ፣ አራት ቁምፊ፣ አራቱም አንድ ዓይነት። ኮምፒውተር አጠገባችሁ ከሌለ ስልካችሁ ላይ ሁለት ፊደል ጽፋችሁ መሃላቸው ለጥፉትና ከኋላ እያጠፋችሁ ኑ። ብዙ ጊዜ ማጥፊያውን ስትጫኑ ምንም ሳይጠፋ የሚያልፍ ንክኪ ታገኛላችሁ። አንዳንድ አፖች ግን ሲለጠፍ ራሳቸው ስለሚያራግፉት፣ በስልኩ ሙከራ ምንም ባታገኙ ነገሩ ንጹሕ ነው አትበሉ።

አሁን ወደ ፎንቱ ሰበብ። ፎንት ሲጎድል በአብዛኛው አራት ማዕዘን ሳጥን ይታያል። ባይታይ እንኳ ፎንት የፊደሉን ቁጥር አይቀይርም፤ A ሁልጊዜ U+0041 ነው። እውነተኛ ኮድ ቢላክ ኖሮ ከላይ ያለው ትእዛዝ ፊደሎቹንና አኃዞቹን አንድ በአንድ ያወጣቸው ነበር።

«ኮዱ ውስጡ ተደብቋል» የሚል ካጋጠማችሁም ስሌቱ ቀላል ነው። በማይታዩ ቁምፊዎች ጽሑፍ መደበቅ ይቻላል፣ እውነት ነው። በተለመደው መንገድ ሁለት ዓይነት ቁምፊ እንደ 0 እና 1 ይወሰድና ለአንድ ፊደል ስምንት ይፈጃል። ባለ 16 ፊደል ኮድ 128 ቁምፊ ሊኖረው ነው። አራት ተመሳሳይ ቁምፊ ውስጥ ምንም ኮድ የለም። ደግሞስ ደብቅልኝ ያለው ማን ነው?

አቤቱታ ስታስገቡ ስክሪንሾት ብቻ አትላኩ። ባዶ ስክሪን ምንም አያስረዳም፣ እነሱ መዝገብ ላይ ደግሞ ርዝመቱ ዜሮ ያልሆነ መልእክት አለ። በቀጥታ «መልእክቱ አራት ቁምፊ አለው፣ ሁሉም U+200B ናቸው፣ የሚነበብ ፊደል የለበትም» ብላችሁ ጻፉ፤ የሚመረምረው ሰው ራሱ ሊያረጋግጠው ይችላል። ዋናውን መልእክት እንዳታጠፉት። «ተረክቤያለሁ» የሚለውንም ቁልፍ አትንኩ፣ ቀነ ገደቡም ሳያልፍ አስገቡ።

ከዚያ በኋላ ሻጩ «ሌላ ኮድ ልላክልህ፣ አንተ አቤቱታውን ዝጋው» ማለቱ አይቀርም። አዲሱ ኮድ መጥቶ፣ ገብቶ፣ ሠርቶ እስክታዩ ድረስ አትዝጉት። አንዴ ከተዘጋ እንደገና የማይከፈትበት ድረ ገጽ አለ።