የአጠራጣሪ ተሰብሳቢ መጠባበቂያ እና የማይሰበሰብ ዕዳ ስረዛ፦ ግብር የሚከፈልበትን ትርፍ የሚቀንሰው የትኛው ነው?

በዱቤ የሚሸጥ ድርጅት ከተሰብሳቢ ሂሳቡ ጥቂቱ እንደማይከፈል አስቀድሞ ያውቃል፤ የማያውቀው የትኛው ደንበኛ እንደሚያስቀር ነው። ይህን ኪሳራ በመዝገብ የሚያሳይበት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በዓመቱ መጨረሻ የማይሰበሰበውን መጠን ገምቶ የአጠራጣሪ ተሰብሳቢ መጠባበቂያ መያዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው የአንድ የታወቀ ደንበኛ ዕዳ እንደማይከፈል ሲረጋገጥ ያንኑ ዕዳ ከመዝገብ መሰረዝ ነው። ሁለቱም ኪሳራን የሚመዘግቡ ስለሆኑ ለግብርም አንድ ዓይነት ውጤት ያላቸው ይመስላል። ነገር ግን በአብዛኞቹ አገሮች የግብር ሕግ ጠቅላላ መጠባበቂያ ተቀናሽ ወጪ አይሆንም፤ ተቀናሽ የሚሆነው ተለይቶ የታወቀው ዕዳ ሲሰረዝ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። መጠባበቂያ የድርጅቱ የራሱ ግምት ስለሆነ፣ ተቀናሽ ቢሆን ኖሮ ግብር ከፋዩ ግምቱን ከፍ ወይም ዝቅ በማድረግ ብቻ የሚከፍለውን ግብር በራሱ እጅ ይወስን ነበር። በአሜሪካ በመጠባበቂያ ላይ የተመሠረተ ቅናሽ ለረጅም ጊዜ ተፈቅዶ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የግብር ማሻሻያ ሕግ ከተወሰኑ የፋይናንስ ተቋማት በስተቀር ለሌሎች አስቀርቶታል። የሂሳብ አያያዝ ደረጃዎች ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ቁጥር 9 ደንበኛው ገና ሳይዘገይም እንኳ የሚጠበቀው ኪሳራ እንዲያዝ ስለሚያስገድድ፣ በሪፖርቱ ትርፍ እና ግብር በሚከፈልበት ትርፍ መካከል ያለው ልዩነት በየዓመቱ ሊሰላ የሚገባው ሆኗል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። አንድ የጅምላ ንግድ ድርጅት ከአጠራጣሪ ዕዳ በፊት 500,000 ትርፍ አግኝቷል፤ የግብር መጣኔው 30 በመቶ ነው እንበል። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ሂሳብ ሹሙ ተሰብሳቢ ሂሳቦቹ ሳይከፈሉ የቆዩበትን ጊዜ አይቶ 40,000 መጠባበቂያ ያዘ። በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ የሚታየው ትርፍ 460,000 ይሆናል። በግብር ስሌቱ ላይ ግን 40,000ው ተመልሶ ይደመራል፤ ስለዚህ ግብር የሚከፈልበት ትርፍ 500,000፣ ግብሩም 150,000 ነው። በዚህ ዓመት መጠባበቂያው አንዲት ሳንቲም ግብር አላስቀረም። ያስገኘው ነገር ቢኖር ወደፊት ዕዳው ሲሰረዝ የሚገኝ የ12,000 የግብር ጥቅም ነው፤ ይህም ለወደፊት የተላለፈ የግብር ሀብት ተብሎ በሂሳብ ሚዛኑ ላይ ይመዘገባል።

በሁለተኛው ዓመት ከደንበኞቹ አንዱ በፍርድ ቤት ኪሳራው ታውጆ 25,000 ሳይከፍል ቀረ። ሂሳብ ሹሙ መጠባበቂያውን በ25,000 ዴቢት፣ የደንበኛውን ተሰብሳቢ ሂሳብ በ25,000 ክሬዲት ያደርጋል። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስተውል እፈልጋለሁ፤ ይህ ምዝገባ የትርፍና ኪሳራ መግለጫውን ፈጽሞ አይነካም። ዓመቱ ሲዘጋ በመጠባበቂያው 15,000 ቀርቷል፤ ለቀሪዎቹ ተሰብሳቢዎች የሚያስፈልገው 35,000 ስለሆነ 20,000 በወጪነት ይጨመራል። ከአጠራጣሪ ዕዳ በፊት ያለው ትርፍ ዘንድሮም 500,000 ከሆነ፣ የሪፖርቱ ትርፍ 480,000 ነው። የግብር ስሌቱ ከ480,000 ይነሣና 20,000ውን ይደምራል፣ 25,000ውን ይቀንሳል፤ ውጤቱ 475,000፣ ግብሩ ደግሞ 142,500 ይሆናል።

ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው በዚህ ቦታ ነው። የግብር ማስታወቂያውን የሚያዘጋጀው ሰው የትርፍና ኪሳራ መግለጫውን ብቻ ይዞ ከሠራ፣ የሚያየው የ20,000 የመጠባበቂያ ወጪን ነው። ያንን እንደ ደንቡ መልሶ ይደምራል፤ የ25,000ው ስረዛ ግን በወጪ መስመር ላይ ስለሌለ አይታየውም። ግብሩ 150,000 ይሆንና ድርጅቱ 7,500 ያለአግባብ ይከፍላል። እኔ ራሴ መዝገቡን ባየሁት አንድ ድርጅት ውስጥ መጠባበቂያው በየዓመቱ በጥንቃቄ ሲደመር፣ የተሰረዙት ዕዳዎች ግን በተከታታይ ሳይቀነሱ መቅረታቸውን ያገኘሁት የመጠባበቂያ ሂሳቡን ሌጀር ከፍቼ የዴቢቱን ዓምድ ከግብር ስሌቱ ጋር ሳመሳክር ነው። ማጣራቱ ከባድ አይደለም፤ በመጠባበቂያው ዴቢት በኩል ያለው እያንዳንዱ የስረዛ ምዝገባ በግብር ስሌቱ ላይ በተቀናሽነት መታየት፣ ካልታየም ያልታየበት ምክንያት መጻፍ አለበት።

ስረዛውም ቢሆን በራሱ በቂ አይደለም። ሕጎቹ ከአገር አገር ቢለያዩም ተደጋግመው የሚገኙ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ ዕዳው ቀድሞ በገቢነት ተመዝግቦ ግብር ተሰልቶበታል ወይ፣ በግብር ዓመቱ ውስጥ ከመዝገብ ተሰርዟል ወይ፣ ለማስከፈል ተገቢው ጥረት ተደርጎ ሊሰበሰብ እንደማይችል ታውቋል ወይ። የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙዎችን ይጥላል። ለሠራተኛ የተሰጠ ብድር በገቢነት ተመዝግቦ ስለማያውቅ፣ ማበደር ሥራው ላልሆነ ነጋዴ እንደ ንግድ ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ አይቀነስም። በደረሰኙ ላይ የተጨመረ እሴት ታክስ ካለም ታክሱ የሻጩ ገቢ ስላልነበር ከሚቀነሰው መጠን ይወጣል፤ እሱን ለማስመለስ ሕጉ ከፈቀደ የራሱ ሥርዓት አለው። ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የሚሆኑት የክፍያ መጠየቂያ ደብዳቤዎች፣ የክስ መዝገብ ወይም የኪሳራ ውሳኔ፣ እንዲሁም ስረዛው የተፈቀደበት ቀን ያለበት ቃለ ጉባኤ ናቸው። ቃለ ጉባኤው ዕዳው ከመዝገብ መሰረዙን እንጂ ለደንበኛው ይቅር መባሉን እንዳይናገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ይቅር ማለት ዕዳውን የመጠየቅ መብትን ስለሚያስቀር ቅናሹንም ጥያቄ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል።

እንግዲህ የትኛውን መምረጥ ይገባል? ዓለም አቀፉን ደረጃ እንዲከተል የሚገደድ ድርጅት ምርጫ የለውም፤ መጠባበቂያ ይይዛል፣ ዕዳው ሲረጋገጥም ይሰርዛል። እንዲህ ያለ ግዴታ የሌለበትና የዱቤ ደንበኞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነጋዴ ግን መጠባበቂያ ሳይዝ ዕዳውን በቀጥታ በወጪነት ቢሰርዝ፣ የመዝገቡና የግብሩ ትርፍ በዚህ ረገድ ስለሚገናኙ ሥራው ይቀልለታል። ጉዳቱ በዚህ ዓመት የሸጠው ሽያጭ ኪሳራ በመጪው ዓመት መታየቱ ሲሆን፣ ባንክ ወይም ሸሪክ መግለጫውን የሚያይ ከሆነ ተሰብሳቢው ከእውነተኛ ዋጋው በላይ ተጋኖ ይቀርባል። የዱቤ ሽያጩ ሰፊ ለሆነ ሁሉ፣ ግብር ባያስቀርም እንኳ፣ መጠባበቂያውን እመርጣለሁ፤ ባለቤቱ የሌለ ትርፍ እንዳያከፋፍል የሚከለክለው እሱ ነው።

የተሰረዘ ዕዳ በኋላ ሊከፈል ይችላል። በምሳሌያችን ከኪሳራ ንብረት ማጣራቱ 10,000 በሦስተኛው ዓመት ቢገኝ፣ ቀድሞ ስለተቀነሰ በዚያው በተገኘበት ዓመት ግብር የሚከፈልበት ገቢ ይሆናል፤ የሁለተኛው ዓመት ማስታወቂያ አይከፈትም። ገንዘቡ በሂሳብ አያያዙ ወደ መጠባበቂያው ክሬዲት ተደርጎ ከሆነ ግን እንደ ስረዛው ሁሉ ከትርፍና ኪሳራ መግለጫው ይሰወራልና፣ የሌጀሩ የክሬዲት ዓምድም በግብር ስሌቱ ጊዜ በተመሳሳይ ጥንቃቄ መታየት አለበት።