የብድር ጊዜ ማራዘም ወይስ ከዋናው ላይ ቀነስ ማድረግ?

ወርሃዊ ክፍያው ከብዶህ ከሆነ ሁለት መንገድ አለህ። በቁጥር እንየው። ቀሪ ዕዳህ 100,000 ነው እንበል፣ ወለዱ በዓመት 15 በመቶ፣ የቀረህ ጊዜ 5 ዓመት። አሁን በወር 2,379 ገደማ ትከፍላለህ።

ጊዜውን ወደ 8 ዓመት ብታራዝም፦ ወርሃዊው ወደ 1,795 ይወርዳል። እጅህ ላይ ገንዘብ ባይኖርም ይሆናል። ግን ጠቅላላ ወለዱ ከ42,700 ወደ 72,300 ገደማ ይወጣል፤ ለእፎይታው ወደ 30,000 ትከፍላለህ ማለት ነው።

20,000 በአንዴ ብትከፍል፦ ወርሃዊው 1,903 ይሆናል፣ ወለዱም ወደ 34,200 ይወርዳል። ቅናሹ ከማራዘሙ ያነሰ ነው፣ ግን ጠቅላላ ወጪህንም ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ተጨማሪ ክፍያ ስትከፍል አበዳሪው ወርሃዊውን እንዳለ ትቶ ጊዜውን ብቻ ሊያሳጥር ይችላል፤ በዚህ ምሳሌ በ44 ወር ትጨርሳለህ፣ ወለድም ከሁሉም ያነሰ ነው፣ ግን በየወሩ ያው 2,379 ነው። ስለዚህ «ወርሃዊ ክፍያዬ እንደገና ይሰላልኝ» ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ፣ አዲሱን የክፍያ ሰንጠረዥም ተቀበል። ቀድሞ የመክፈል ቅጣት ካለ ደግሞ ከምትቆጥበው ወለድ ጋር አስተያየው።

ገቢህ ቀንሶ ክፍያ ሊያመልጥህ ከሆነ ማራዘሙ ይሻላል፤ በኋላ ሲመችህ ከዋናው ላይ መቀነስ ትችላለህ። ጉርሻ ወይም ሌላ ያልጠበቅከው ገንዘብ ከገባና ለክፉ ቀን ያስቀመጥከውን የማይነካ ከሆነ ግን ተጨማሪ ክፍያው ያዋጣሃል።