የርክክብ ደብዳቤዬን ላዘጋጀችልኝ የጅማዋ ጸሐፊ ምስጋናና ጥቆማ

በጅማ ከተማ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ፣ ባለፈው ጥር 60 ዓመት ስለሞላኝ በጡረታ ተሰናብቻለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ የምትሠራ አንዲት እህታችንን በአደባባይ ለማመስገንና፣ እንደ እኔ የእጅ ጽሑፉን ይዞ ወዴት እንደሚሄድ ለጨነቀው ሰው ለመጠቆም ነው። ስሟ እንዳይወጣ ስለለመነችኝ አልጠቅሰውም፤ ሥራዋን ግን በዝርዝር መናገር እፈልጋለሁ።

ጡረታዬ የወጣው የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ባለቀበት ሰሞን በመሆኑ፣ ክፍሎቼን በዓመቱ አጋማሽ ለሌላ መምህር ማስረከብ ነበረብኝ። ንብረቱን ማስረከብ አላስቸገረኝም፤ መማሪያ መጻሕፍቱን፣ የሰሌዳ ኮምፓሱንና ማርክ ሊስቱን አስቆጥሬ፣ ፈርሜ ክሊራንሴን ወሰድሁ። የከበደኝ በ4 ደብተሮች ላይ በየቀኑ የጫርኋቸው ማስታወሻዎች ጉዳይ ነበር። በእነዚያ ደብተሮች ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል የት እንደደረሰ፣ ምን እንደሚያደናግረው፣ የትኛው ልጅ የት መቀመጥ እንደሚሻለው፣ የትኛው ባልደረባዬ መቼ እንደደረሰልኝ ተጽፏል። ገጾቹ 132 ሲሆኑ፣ ከፊሉ በእርሳስ ነው፣ ከፊሉ ደግሞ በክረምቱ እርጥበት ቀለሙ ፈስሷል። ተረካቢው መምህር ደብተሮቹን እንዳሉ ቢወስዳቸው የእኔን አጻጻፍ ሲፈታ ዓመቱ ያልቅበት ነበር።

መጀመሪያ ሌላ ቦታ ጥቂት ገጾች አስጽፌ ነበር። ፋይሉን ለምክትል ርእሰ መምህሩ በቴሌግራም ስልክላቸው በስልካቸው ላይ የተከፈተው አንድም የአማርኛ ቃል የሌለበት፣ የላቲን ፊደልና የነጥብ ክምር ነበር። ኋላ ላይ ይህችው እህታችን ምክንያቱን አስረዳችኝ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን መለያ ቁጥር ወደሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ ከመግባቱ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች የፊደላችንን ቅርጽ በላቲን ፊደላት መለያ ቁጥር ላይ ያሳረፉ ስለነበሩ፣ ያው ፎንት በሌለበት ስልክ ሲከፈቱ የሚታየው ከሥሩ ያለው ላቲን ነው። ለዚህ ማረጋገጫ አድርጋ ያሳየችኝ ዘዴ ማንም ሊሠራው የሚችል ነው፦ አንዱን ዓረፍተ ነገር ቀድቶ በቴሌግራም መልእክት ላይ መለጠፍ ነው፤ አማርኛ ሆኖ ከተለጠፈ በዩኒኮድ ተጽፏል ማለት ነው፤ ካልሆነ ደግሞ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ማስተካከል ይገባል።

ደብተሮቹን እጇ ላይ ላስቀምጥ ስል አልተቀበለችኝም። «ጋሼ፣ ደብተርዎ ከቤትዎ አይውጣ፤ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ እኔ ላሳይዎት» አለችና በሩ አጠገብ፣ የቀን ብርሃን በሚገባበት ቦታ፣ ገጹን በማስመሪያ ዘርግታ፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጋ፣ ፍላሽ ሳትጠቀም ማንሳት አሳየችኝ። የእርሳስ ጽሑፍ ፍላሽ ሲያርፍበት ያብለጨልጭና ይጠፋል። በየገጹ ጥግ የክፍሉን ስምና የገጹን ቁጥር የያዘች ቁራጭ ወረቀት እንዳስቀምጥም ነገረችኝ፤ ይህች ቁራጭ ወረቀት ባትኖር ኖሮ 132 ፎቶ ተቀላቅሎ ይቀር ነበር። ገጾቹንም በፎቶነት ሳይሆን በፋይልነት እንድልክላት አሳሰበችኝ፤ ቴሌግራም ፎቶን ሲያሳልፍ ስለሚያሳንሰው ቀጭን የእርሳስ ጭረት ይደበዝዛል።

ከሁሉ በላይ ላመሰግናት የምፈልገው ግን በአነባበቧ ነው። የእኔ ማስታወሻ በቀን ቅደም ተከተል የተጻፈ ነው፤ ተረካቢው ግን የሚገባው በየክፍሉ ነውና፣ እሷ የየክፍሉን መስመር ከየቀኑ እየለቀመች በአንድ ቦታ ሰበሰበችው። ይህን ስትሠራ ያላረጋገጠችውን ቃል በግምት አልሞላችም፤ ቦታውን ክፍት ትታ የገጹን ቁጥር አስቀመጠችበት። ክፍት የተወቻቸው ቦታዎች 11 ነበሩ። 7ቱን ቁጭ ብለን ሞላናቸው፤ 4ቱን እኔም ራሴ ማንበብ ስላቃተኝ በደብዳቤው ላይ «አልተነበበም» ተብሎ ተጻፈ። የፈሰሰ ቀለምን ማንም አይመልሰውም፤ ከእሷም ይህን የሚጠብቅ ሰው እንዳይኖር እፈልጋለሁ።

የ10ኛ ሐን ክፍል ነገር ለምሳሌ ልንገራችሁ። በዚህ ክፍል 58 ተማሪዎች ነበሩኝ። በኅዳር ወር በየጊዜው ብዙ ልጆች ይቀራሉ፤ ዘመዶቻቸው ማናና ሰቃ ጨቆርሳ ያሉት ለቡና ለቀማ ይሄዳሉና። በደብተሬ ላይ «ኅዳር 12፣ 17 ቀሩ፣ ቡና» የሚል መስመር አለ። እነዚህ ልጆች ያመለጣቸው የርቢ ሕግ የሚማርበት ሳምንት ስለነበር፣ ሲመለሱ 2³ × 2² = 2⁶ እያሉ ይጽፉ ጀመር፤ ማለትም ርቢዎቹን በመደመር ፈንታ ያባዟቸዋል። እኔም 2 × 2 × 2 ብለው ጽፈው፣ አጠገቡ 2 × 2 ጨምረው፣ ሁለቶቹን በጣታቸው እንዲቆጥሩና አምስት መሆናቸውን ራሳቸው እንዲያገኙ አደረግሁ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሎጋሪዝም ነው፤ የሎጋሪዝም ዋና ሕግ፣ log(a × b) = log a + log b፣ ከዚሁ ርቢን ከመደመር የሚወጣ ስለሆነ፣ ርቢውን የሚያባዛ ክፍል ወደ ሎጋሪዝም ቢገባ አንዱም ነገር አይያዝለትም። ስለዚህ ሎጋሪዝምን አዘገየሁና በደብተሬ ላይ «ሎጋሪዝም — ገና» ብዬ ጻፍሁ።

የመጀመሪያው ቦታ ይህን ገጽ ሲጽፍልኝ ርቢዎቹን ወደ መስመሩ አውርዷቸው «23 × 22 = 26» አድርጎት ነበር። ተረካቢው መምህር ይህን ቢያነብ የልጆቹን ስሕተት ሳይሆን የእኔን ማበድ ነበር የሚያስበው። እህታችን ግን ሒሳቡን ባትማርም «ጋሼ፣ ይህቺ ትንሿ ቁጥር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ እንዲሁ ትሁን?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀጥላም «ሎጋሪዝም — ገና» የሚለው ላይ ቆመች። ቃሉ ላልቶ ሲነበብ አልተጀመረም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ በዓሉ ነውና፣ ሎጋሪዝም በገና ሰሞን ተምሯል የሚል ይመስላል። ርክክቡ ከገና በኋላ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ንባብ ቢያዝ ተረካቢው ያለቀ ምዕራፍ ነው ብሎ አልፎት ይሄድ ነበር። በደብዳቤው ላይ «ሎጋሪዝም እስከ ርክክቡ ቀን ድረስ አልተጀመረም፤ ከመጀመሩ በፊት የርቢ ሕግ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይከለስ» ተብሎ ተጻፈ።

በዚሁ ክፍል ስለ አንድ ልጅ «ከኋላ አይሰማም» ብዬ ጽፌ ነበር። እሷ ይህንንም ክፍት ተወችው። ሰ እና መ ላልተው ሲነበቡ ልጁ ድምፅ አይሰማም ማለት ነው፤ ጠብቀው ሲነበቡ ደግሞ የልጁ ድምፅ ለሌላው አይሰማም፣ ቀስ ብሎ ይናገራል ማለት ነው። ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ የጻፈው ሰው ካልተጠየቀ መፍትሔ የለውም። የእኔ ሐሳብ የመጀመሪያው ነበር፤ ልጁ ከኋላ ሲቀመጥ የሰሌዳውን ጽሑፍ እየቀዳ የቃል ማብራሪያውን ግን ያመልጠው ነበር፤ ከፊት የተቀመጠ ቀን ብቻ የቃል ጥያቄ ይመልሳል። «ዝምተኛ ነው» ተብሎ ተተርጉሞለት ቢሆን ኖሮ፣ ተረካቢው እንዲናገር ይጎተጉተው ነበር እንጂ ወንበሩን አይቀይርለትም። እሷ ዓረፍተ ነገሩን «ከኋላ ሲቀመጥ የመምህሩን ድምፅ መስማት ይቸግረዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች ይቀመጥ» ብላ አቅንታ አነበበችልኝ፤ እኔም እሺ አልሁ።

ስለ ልጆቹ በተናጠል የተጻፈው ነገር ከደብዳቤው ጋር እንዳይቀላቀል ያሳሰበችኝም እሷ ናት። «ይህ በመምህራን ማረፊያ ሲነበብ የልጁ ነገር በሁሉ ጆሮ ይደርሳል» አለችኝ፤ እኔ በድካም አላሰብሁትም ነበር። በመሆኑም ሥራው ሦስት ተከፈለ፤ የምስጋናው ደብዳቤ በመሰናበቻዬ ዕለት ለሁሉ ተነበበ፣ የክፍሎቹ ሁኔታ ለተረካቢውና ለዲፓርትመንት ኃላፊው ተሰጠ፣ ስለ ልጆቹ የተጻፈው 3 ገጽ ደግሞ በወረቀት ብቻ ታትሞ ከእጄ ወደ ተረካቢው እጅ ገባ።

የምስጋናውን ክፍልም ያሳመረችው ማስታወሻዎቹን በማጋነን አይደለም። ስለ ባልደረቦቼ መጀመሪያ የጻፍሁት «ሁላችሁም ለእኔ መልካም ነበራችሁ» የሚል ነበር። እሷ ከፎቶዎቹ ላይ አንዱን አውጥታ አሳየችኝ፤ ታምሜ 3 ሳምንት በተኛሁ ጊዜ ክፍሎቼን የያዘልኝ ወንድሜ በእቅድ ደብተሬ ላይ በየቀኑ ያቆመበትን ምሳሌ በቀይ ብዕር ምልክት እያደረገ ያስቀመጠበት ገጽ ነው። ያ ገጽ እንዳለ ወደ ደብዳቤው ገባ፤ ሲነበብም እሱ አንገቱን ደፋ። በዝናብ ቀን ደወሉን ሳያዘገዩ የሚደውሉት የጥበቃ ሠራተኛችንም ከደብተሬ በወጣ አንድ መስመር ተመስግነዋል።

ሥራው 9 ቀን ፈጅቷል፤ ቸኩላ የምትሠራ ስላልሆነች፣ በተለይ ሮስተር በሚሠራበት ሰሞን፣ ቀደም ብሎ መሄድ ያስፈልጋል። ክፍያዋ መጀመሪያ በገጽ የተስማማነው ነበር፤ ደግማ ደጋግማ ላነበበችበትና ለጠየቀችኝ ሰዓት ምንም አልጨመረችም። ሲያልቅም ፎቶዎቹን ከቴሌግራሙ በሁለታችንም በኩል፣ ከኮምፒውተሯም ከነሪሳይክል ቢኑ እያየሁ አጥፍታልኛለች።

ተረካቢው መምህር በሁለተኛው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። ልጁ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል፤ 10ኛ ሐ ደግሞ ርቢን ከልሶ ሎጋሪዝም ጀምሯል።

የተከበርሽ እህቴ፣ ከልብ አመሰግንሻለሁ። አገልግሎቷን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።