😂 ወይስ 💀?

«በሳቅ ሞትኩ» ማለት ለእኛ አዲስ አይደለም። ወጣቶቹ «በሳቅ»ን ቆርጠው «ሞትኩ»ን ብቻ አስቀሩ፤ 💀 የሚሉት ይኸንኑ ነው።

ጓደኛችሁ «ሰው ሰላም ያለኝ መስሎኝ እጄን አውለበለብኩ፤ ለካ ከኋላዬ ላለው ነው» ብላ ጻፈች እንበል።

😂 ከላካችሁ፦ «ታሪኩ አሳቀኝ» ነው። ማንም ይረዳዋል። ኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በ2015 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ቃል ብሎ እስከ መምረጥ ደርሷል። ጣጣውም ይኸው ነው። እናትም አለቃም ስለሚልኩት፣ ለብዙ ወጣት የይሉኝታ ፈገግታ ሆኗል።

💀 ከላካችሁ፦ «እፍረትሽ እኔንም ገደለኝ» ነው። ራስ ቅሉ አይስቅም፤ ቀልዱም እዚያው ላይ ነው። የዛሬ ልጆች የሚወዱት እንዲህ ያለውን ነው፦ ፊትን ሳይፈቱ ማጋነን፣ በራስ ውርደት መሳለቅ። ጭካኔ ይመስላል እንጂ አብሮ ማፈር ነው። (አጥንት የተጠላለፈበት ☠️ ግን ሌላ ምልክት ነው፤ የመርዝ ማስጠንቀቂያውን ያስታውሳል።)

አደጋው? ለማያውቀው ሰው 💀 ዛቻ ወይም መርዶ ሊመስል ይችላል።

ለቤተሰብ ግሩፕና ለሥራ 😂 ይሻላል። ለእኩያ፣ በተለይ ራሱ ላይ ለሚቀልድ፣ 💀 ልክ ይመጣል። «ሐኪም ቤት ነኝ» ለሚል መልእክት ሁለቱም ይቅሩ።