ላን ኬብል ስትገዙ ምላጭ ያዙ

ላን ኬብል ልትገዙ ከቤት እየወጣችሁ ከሆነ ምላጭ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። ቀልዴን አይደለም። እኔ ስላልያዝኩ «ንጹህ መዳብ ነው» ተብዬ 25 ሜትር አሉሚኒየም ገዝቻለሁ። ያወቅኩትም የአርሴናልና የማንችስተር ዩናይትድ ጨዋታ ሊጀመር ሲል፣ እንግዳ ቤቴን ሞልቶ ነው።

የምንኖረው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። የፋይበሩ ሞደም ያለው መኝታ ቤት ሲሆን ሳሎኑ ከሁለት የብሎኬት ግድግዳ ማዶ ነው። ዋይፋዩ ሳሎን እስኪደርስ ይደክማል። ዜና ቢያሳይም ኳስ ላይ ይሽከረከራል። ስለዚህ ከሞደሙ እስከ ቴሌቪዥኑ ኬብል ለመዘርጋት ወሰንኩ። የገዛሁበት ሱቅ ከጎረቤቱ በሜትር 15 ብር ይቀንስ ነበር። በ25 ሜትር 375 ብር ተረፈኝ ብዬ ደስ አለኝ። ራሴው በጣሪያው ክዳን ሥር አሳልፌ፣ በሳሎኑ መስኮት ጥግ አጥፌ አስገባሁት። አምስት ወር ያለ ችግር ሠራ።

ያን እሁድ ጨዋታው ማታ 1:30 ነበር። አንድ ሰዓት ላይ ቤቱ ሞልቷል። እናቴ ቡና አቅርባለች፣ ፈንዲሻው ተበትኗል፣ የሚስቴ ወንድም ቀዩን ማሊያ ለብሶ ከወዲሁ ሊያበሽቀኝ ይሞክራል። ስምንት ደቂቃ ሳይሞላ ስክሪኑ ቀጥ አለ። ያቺ ክብ ነገር መዞር ጀመረች፤ ቀጥሎ ኢንተርኔት የለም የሚል ጽሑፍ መጣ።

«ኔትወርኩ ነው! ኳስ ባለ ቁጥር እኮ እንዲህ ነው» ተባለ በአንድ ድምፅ። እኔም እንደ ልማዴ ሞደሙን አጥፍቼ ላበራ ተነሳሁ።

የ16 ዓመት ልጄ ከኋላዬ መጣች። «አባዬ፣ አትንካው! መጀመሪያ መብራቶቹን እንይ።»

PON የሚለው አረንጓዴ ሳይርገበገብ በርቷል። LOS የሚለው ጠፍቷል። ፋይበሩ ተበጥሶ ቢሆን LOS ቀይ ሆኖ ይርገበገብ ነበር አለችኝ። ከዚያ እዚያው ሞደሙ አጠገብ ቆማ በስልኳ ዋይፋይ ያንኑ ስርጭት ከፈተች። ተጫዋቾቹ ሲያሟሙቁ ጥርት ብሎ ይታያል። ሳሎን ሆነን ስናማው የነበረው ኔትወርክ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

የሳሎኑ ኬብል የተሰካበት፣ LAN1 የሚለው መብራት ግን አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠፋል።

ላፕቶፑን ይዛ ሳሎን ገባች። ከቴሌቪዥኑ ነቅላ ኬብሉን ላፕቶፑ ላይ ሰካች። ዋይፋዩን አጠፋች። ይህቺን እኔ ብሆን እረሳት ነበር። ዋይፋዩ ከበራ መልሱ በእሱ በኩል ሊመጣ ስለሚችል ኬብሉ ደህና ይመስላል። ከዚያ ይህን ጻፈች፦

```
ping -t 192.168.1.1
```

ይህ ቁጥር የእኛው ሞደም አድራሻ ነው። ጥያቄው ከቤት አይወጣም፤ ከሳሎን መኝታ ቤት ደርሶ ይመለሳል። ስለዚህ የውጭው መስመር ቢጨናነቅም ባይጨናነቅም ለዚህ ፈተና ለውጥ የለውም። እኛ ጋ የመጣው እንዲህ ነበር፦

```
Reply from 192.168.1.1: bytes=32 time=1ms TTL=64
Request timed out.
Request timed out.
```

«እየሮጠ እያለ ኬብሉን ነካካው» አለችኝ። ከሞደሙ ጀምሬ እየዳሰስኩ ሄድኩ። መስኮቱ ጥግ፣ ያጠፍኩበት ቦታ ላይ ጫን ሳደርገው መልስ ተከታትሎ ይመጣል። ስለቀው ይቋረጣል። ጥፋቱ የሞደሙ ቀዳዳ እንዳይሆን ደግሞ ከሞደሙ ጋር የመጣችውን አጭር ኬብል እዚያው LAN1 ላይ ሰክታ ሞከረች። አንድም አልጠፋም።

ሰዓቱ 1:24 ነው። እዚያ ሰዓት ኬብል የሚሸጥ የለም። አጭሯ ኬብል አንድ ሜትር ተኩል ብትሆን ነው። ምን ይደረግ? ቴሌቪዥኑን ተሸክመን መኝታ ቤት አስገባነው። ኮመዲኖ ላይ ተቀመጠ፣ ሰባት ሰው አልጋ ላይ ተደረደረ፣ እናቴ ጀበናዋን ይዛ በሩ ላይ ወንበር ያዘች። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ደቂቃዎች አመለጡን። ውጤቱን አልነግራችሁም፤ የሚስቴ ወንድም ይህን ያነባል።

በማግስቱ ልጄ ያጠፍኩበትን ቦታ ቆርጣ ልባሱን ላጠች። ብርቱካናማዋ ሽቦ ውስጧ ተሰብራለች። ላስቲኳ ምንም አልሆነም፤ ለዚህ ነው ከውጭ ያልታየው። ከዚያ ጤነኛውን ጫፍ በምላጭ ፋቀችው። ላዩ ቀይ ነው። ሁለት ሦስቴ ስትፍቀው ነጭ ብረት ብቅ አለ። መዳብ ቢሆን ኖሮ እስከ ውስጥ ቀይ ነበር።

ይህ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ከመዳብ ይረክሳል። ግን ሲታጠፍ ቶሎ ይደክማል፤ የእኔ ደግሞ ጠርዝ ላይ ታጥፎ መስኮቱ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይነካካ ነበር። እኩል ውፍረት ካለው መዳብ ጋር ሲነጻጸርም ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ያነሰ ነው። ላን ኬብል ውስጥ ስምንት ሽቦ አለ። የአብዛኛው ቴሌቪዥን ገመድ መሰኪያ ግን የሚጠቀመው አራቱን፣ ብርቱካናማውንና አረንጓዴውን ጥንድ ነው። ከአራቱ አንዷ ከተሰበረች አለቀ። የእኔ ዕድል ሆኖ የተሰበረችው ከነሱ አንዷ ናት።

እውነቱን ለመናገር፣ አጭር ሆኖ ከቦታው የማይነቃነቅ ከሆነ አሉሚኒየሙም ዓመታት ሊሠራ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ግን በአሉሚኒየም ስም፣ በአሉሚኒየም ዋጋ ይሽጡልን። ለግቢ ካሜራ ከሆነ ግን ጭራሽ እንዳትሞክሩት። በኬብሉ በኩል መብራት ጭምር የሚያገኙ ካሜራዎች አሉ። ኬብሉ ሲረዝም ኃይሉ መንገድ ላይ ይባክናል፣ ሽቦውም ይሞቃል። ካሜራው ማታ ማታ የሚጠፋ ከሆነ አንዱ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው።

ኬብሉን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ልጁ ልባሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ካት 6 ይላል እኮ!» ይላል፣ አልዋሸም። ግን የካት 6 ደረጃ ራሱ መዳብ ነው የሚጠይቀው፤ ጽሑፉ ስላለ ብቻ ሽቦው መዳብ ነው ማለት አይደለም። አንዳንዱ ካርቶን ወይም ልባስ ላይ CCA ተብሎ ይጻፋል፤ ያ ማለት የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። የእኔ ላይ ምንም አልተጻፈም። «ተቆርጦ የተሸጠ አይመለስም» ብሎ ሸኘኝ። ደረሰኝ አለመቀበሌ የራሴ ጥፋት ነው።

ጎረቤቱ ሱቅ ገባሁና ከመቁረጡ በፊት «ጫፉን ልፋቀው?» አልኩት። ሳይናገር መቁረጫውን አቀበለኝ። ፋቅኩት፣ ቀይ። ማግኔትም ይዤ ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ የተለበጠ ብረት ስለሆነ ማግኔት ይይዘዋል። አልያዘውም። ደረሰኙ ላይ «መዳብ» ብሎ እንዲጽፍልኝ ጠየቅኩት፣ ጻፈ። በ15 ብር ልዩነት የማይፈራ ሰው አገኘሁ ማለት ነው።

አሮጌውን እናቴ ጓሮ ውስጥ ከማንጎው ዛፍ እስከ ኩሽናው ወጥራ ልብስ ታሰጣበታለች። ለዚያ ሥራ እስካሁን ምንም አልወጣለትም።